የጠዋት መልእክት ሳይሰለች እንዲቆይ፦ በእንቆቅልሽና በ«አገር ስጪኝ»

«ደህና አደርሽ?» ብሎ መጻፍ ምንም ክፋት የለውም። ችግሩ ያለው መልሱ ላይ ነው። «ደህና፣ እግዜር ይመስገን። አንተስ?» ከተባለ በኋላ ወሬው መሄጃ ያጣል። በማግስቱም ያው ነው፣ በሦስተኛውም ቀን ያው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መልእክቱ ሲገባ ማን እንደሆነና ምን እንደሚል ሳይከፈት ይታወቃል። ሰው አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር ለመክፈት አይቸኩልም።

ብዙዎች ይህን ሲያዩ መድኃኒቱ ማብዛት ይመስላቸዋል። የጽጌረዳ ፎቶ ይጨምራሉ፣ ከሌላ የተላከላቸውን ግጥም ያስተላልፋሉ፣ ልብ በልብ ላይ ይደረድራሉ። ከዚያ «አየሽው?» ይከተላል፣ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ «ምነው ዝም አልሽ?»። እዚህ ላይ ጨዋታው አልቆ ክስ ተጀምሯል።

እኔ የማምንበት መንገድ ሌላ ነው፣ ደግሞም ከቤታችን አይርቅም። በልጅነታችን እሳት ዳር የተጫወትነው እንቆቅልሽ ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል። አጭር ነው፣ ሰው ያስባል፣ መልሱ እስከ ማታ ሊቆይ ይችላል። የተሸነፈም አገር ይሰጣል። ወሎ ውስጥ ደግሞ የሚሰጥ አገር አይጠፋም።

ለማስረዳት ሁለት ሰዎች ልያዝ። እሱ ኮምቦልቻ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ይሠራል። እሷ ደሴ ነርስ ናት። የዘመድ ሠርግ ላይ ተዋውቀዋል፣ ስልክ ተለዋውጠዋል፣ ገና ምንም ቃል አልተገባቡም። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሐረጎን መውጣት ብቻ። ግን ሁለቱም ሥራ አላቸውና በየቀኑ አይገናኙም። መመሪያው ለዚህ ጊዜ ነው። ላኪዋ እሷ ብትሆንም ሥራው አይለወጥም።

መጀመሪያ የእሷን ጠዋት እወቁ

ጠዋት ለሁሉም አንድ ሰዓት ላይ አይጀምርም። ነርሷ የአዳር ተረኛ በሆነችበት ቀን ሌሊቱን ቆማ አድራ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው የምትወጣው። ቤት ገብታ ዓይኗን ስትከድን ስልኩ «ጥንቅ» ካለ፣ የፈለገ የሚያስቅ ነገር ቢጻፍ አያስቅም። በረመዳን ሱሁር በልተው፣ ሰግደው ዳግም የሚተኙ አሉ። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ የሚቆሙ አሉ። ወሎ ውስጥ አንድ ግቢ ላይ ሁለቱም ይኖራሉ፣ ስለዚህ በግምት አትሂዱ።

መፍትሔው አንድ ጊዜ በግልጽ መጠየቅ ነው። እንዲህ፦ «ጠዋት ስልክ የምታዪው ስንት ሰዓት ገደማ ነው? እንዳልረብሽሽ ብዬ ነው።» ይህ ጥያቄ ራሱ ደስ ይላል፤ አሳቢነት አለበት። መልሱንም ያዙት። የአዳር ተራዋ በየትኞቹ ቀናት እንደሆነ ከነገረቻችሁ በነዚያ ጠዋቶች አትላኩ። ከሰዓት በኋላ ተነስታ ቡና ስታፈላ ቢደርሳት ይሻላል። ለእሷ ጠዋቱ ያ ነው።

ቴሌግራም የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ጥሩ ነገር አለው። መልእክቱን ጽፋችሁ የመላኪያውን ምልክት ጫን አድርጋችሁ ስትይዙት `Send Without Sound` የሚል ይመጣል። በእሱ ከላካችሁ መልእክቱ ይደርሳል፣ ስልኳ ግን አይጮኽም። ተኝታ እንደሆነ እርግጠኛ ባልሆናችሁበት ቀን ሁሉ በዚህ ላኩ።

ሌላው የሚረሳ ነገር ስልኩ የት እንደሚቀመጥ ነው። ቁርስ ሲቀርብ፣ ቡና ሲፈላ፣ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ይውላል። መልእክት ሲገባ የመጀመሪያው መስመር ስክሪኑ ላይ ይታያል። እናቷ አጠገቧ ናቸው። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ከእናቷ በፊት ያነበዋል። ስለዚህ መለኪያው ይህ ይሁን፦ የጻፋችሁት እናቷ ፊት ጮክ ተብሎ ቢነበብ እሷ ታፍራለች? ካፈረች አይላክ። እንቆቅልሽ እዚህም ላይ ያግዛል። እናትየው ቢያነቡትም «ጉም ነው እኮ!» ብለው ቀድመው ይመልሱ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ቤቱ ውስጥ ያለምንም ነውር ገባችሁ ማለት ነው።

በዚህ ደረጃ «የኔ ፍቅር»፣ «ሕይወቴ» የሚሉትን አቆዩአቸው። ቃል ሳይገባ ሲመጡ ሰውን ያስጨንቃሉ፤ መልስ የሚጠይቁ ናቸውና። «ሸጋዋ» ይበቃል። ስሟ ብቻም ይበቃል።

ልኩ 70 ፊደል

ምን ያህል ልጻፍ ለሚል የተዘጋጀ ልክ አለ። በአማርኛ የሚጻፍ አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 70 ፊደል ነው፣ ክፍት ቦታና ነጥብ ጨምሮ። በላቲን ፊደል ሲሆን 160 ይይዛል፣ ነገር ግን አንዲት የግዕዝ ፊደል ከገባችበት ወደ 70 ይወርዳል። ከዚያ ካለፈ ስልኩ መልእክቱን እየቆራረጠ ይልከዋል፣ ሒሳቡም እንደ ሁለትና ሦስት መልእክት ይሆናል። ፈገግ የሚለው የፊት ምልክት ብዙውን ጊዜ የሁለት ፊደል ቦታ ይወስዳል።

በቴሌግራም ይህ ገደብ የለም። እኔ ግን በቴሌግራምም ቢሆን 70ን እንድትጠብቁ እመክራለሁ። ምክንያቱ ሒሳብ አይደለም። ረጅም የጠዋት መልእክት ረጅም መልስ ይጠይቃል፣ ታክሲ የምትጠብቅ ሰው ደግሞ ያን ጊዜ የላትም። «ቆይቼ እመልሳለሁ» ትላለች፣ ቆይታ ትረሳዋለች፣ ማታ ሲታወሳት ታፍራለች። እፍረቱ ሲደጋገም መልእክቱን መሸሽ ትጀምራለች። አጭር መልእክት ይህን ሸክም አያመጣም። አንብባ ፈገግ ብላ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ብትከተው አንዳችም ዕዳ የለባትም።

ይህን ተመልከቱ፦

«እንቆቅልሽ፦ ደሴን ይውጣል፣ ሆዱ አይሞላም። ፀሐይ ስትመጣ ይተፋዋል።»

ቆጥሬዋለሁ፤ 43 ቦታ ነው የሚይዘው። ገና 27 ይተርፋል።

እንቆቅልሽ እንዴት ይሠራል

የድሮዎቹን መጠቀም ይቻላል። «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት» ሲባል ጤዛ መሆኑን ማን ያጣዋል? ጥሩነቱ ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ። መጥፎነቱም እሱ ነው፤ ወዲያው ይመለሳል። ስለዚህ የድሮውን ለመጀመሪያ ቀን አድርጉት። ጨዋታው መጀመሩን ለማሳወቅ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የራሳችሁን ሥሩ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። በዚያ ጠዋት በዓይናችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር ምረጡ። ስሙን አትጥሩ። የሚያደርገውን አንድ ነገር ተናገሩ፣ ቀጥሎ ያንን የሚቃረን የሚመስል ሌላ ነገር ጨምሩ። የእንቆቅልሽ ጣዕሙ ቅራኔው ላይ ነው።

ጉሙን እንውሰድ። እሱ ኮምቦልቻ ሆኖ ወደ ሐረጎ አቅጣጫ ቀና ሲል ላይኛው አገር አይታይም፣ ደሴ ጉም ውስጥ ናት። ጉም ምን ያደርጋል? ይሸፍናል። «ይሸፍናል» ካልን መልሱ ወዲያው ይገኛል፣ ስለዚህ ቃሉን እንለውጥ፦ «ይውጣል»። የሚውጥ ነገር ይጠግባል፣ ይህ ግን አይጠግብም፦ «ሆዱ አይሞላም»። ቅራኔው መጣ። በመጨረሻ ትንሽ ፍንጭ፦ «ፀሐይ ስትመጣ ይተፋዋል»። አለቀ። እሷ ይህን ስታነብ መልሱ በመስኮቷ በኩል ቆሟል። ሳታውቀው እያየችው ነው። ይህ ነው ከተላለፈ ፎቶ የሚለየው። ሌላ ሰው ሊልክላት አይችልም፣ ለሌላ ሰውም ሊላክ አይችልም።

ሌላ ልጨምር፦

«አንገቷ ረጅም፣ ሆዷ ጥቁር። ሦስቴ ካልቀዳች እንግዳ አትሸኝም።»

ጀበና ናት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይባል ማን ይነሳል?

የሚበላሸው የት ነው? እሷ የማታየውን ነገር ስትጠይቁ ነው። ልጁ አንድ ቀን ከሱቁ ዕቃ ተነስቶ «እሳት ትተፋለች፣ ቤት አታቃጥልም» ብሎ ላከ። መልሱ ካንዴላ ነበር። እሷ ካንዴላ በእጇ ይዛ አታውቅም። «እኔ ምን አውቄ» ብላ ዘጋችው። ተሸንፋ አልነበረም፣ ጨዋታው ውስጥ ቦታ ስላጣች ነው። እንቆቅልሹ ከሁለታችሁም ዓይን ሥር ካለ ነገር ይነሳ፦ ከመንገድ፣ ከምግብ፣ ከአየሩ፣ ከገበያ። የእናንተ ዕውቀት የሚታይበት ከሆነ ፈተና ይመስላል።

ስለ መልኳና ስለ ሰውነቷም እንቆቅልሽ አትሥሩ። ብልህነት ይመስላል፣ ግን በጊዜው ያልሆነ ነገር ነው። መልሱንም «እኔ» ብላ መጻፍ ይኖርባታል፣ ማንም ሰው እንደዚያ ብሎ መጻፍ አይወድም።

«አገር ስጪኝ» እስከ ማታ የሚያቆየው ነው

ወጉን ሁሉም ያውቀዋል። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል። መልሱ ከጠፋ ጠያቂው «አገር ስጪኝ» ብሎ አገር ይቀበላል። አልበቃኝም ብሎ ማስጨመርም ይችላል። የተሰጠው አገር ገብቶ እንዴት እንደሚንደላቀቅ እያሳመረ ይናገራል፣ የተሸነፈውንም በቀልድ ነካ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ነው መልሱ የሚነገረው።

በስልክ ስትጫወቱት ጠዋት ጥያቄው ይላካል፣ መልሱ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፣ ማታ ይዘጋል። አትቸኩሉ፣ «እሺ ምንድነው?» ብላችሁም አትጎትቱ። ከሰዓት በኋላ «ጭስ ነው?» ብላ ብትጽፍ «ቀርበሻል» ብቻ በሉ። ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር በመካከላችሁ ተንጠልጥሎ ይውላል፣ ግን ማንንም አያስጨንቅም። ሥራ በዝቶባት ብትረሳው ማታ «ተሸነፍኩ» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ሽንፈቱም ቢሆን ጨዋታ ነው።

አገሩን ከወሎ ብቻ ስጡ ብላችሁ ተስማሙ። አዲስ አበባን ወይም ጎንደርን መስጠት ቀላል ነው፣ በወሎ መወሰኑ ግን ቀልዱን ያጠብቀዋል። ሁለታችሁም የምታውቁት አገር ስለሆነ እያንዳንዱ ስም የሚያመጣው ነገር አለው። የእነሱ ጨዋታ እንዲህ ነበር የሄደው።

«ወላሂ ተሸነፍኩ። ውጫሌን ሰጠሁህ።»

«አንቀጽ 17 እንዳይኖርበት። ውሉን በሁለቱም ቋንቋ አንብቤ ነው የምቀበል።»

«ኧረ ትመርጣለህ ደግሞ! በል ሐይቅን ጨምሬልሃለሁ።»

«እሱስ ሸጋ ነው። አሳውን እኔ እበላለሁ፣ እሾሁን በፖስታ እልክልሻለሁ። ጉም ነው መልሱ።»

ጨዋታው ውስጥ «ናፍቀሽኛል» የሚል የለም፣ «መቼ እንገናኝ» የሚልም የለም። ግን ሁለቱም ማታ ስልካቸውን ሲያስቀምጡ ፊታቸው ላይ ፈገግታ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ እሷ ውጫሌን ለማስመለስ ትጠይቃለች። እንዲህ ላከች፦ «አንገት ላይ ትውላለች፣ ጌጥ አይደለችም። የሰው ልብ ትሰማለች፣ ሐሜት አታውቅም።» የሐኪም ማዳመጫ ናት። ሆስፒታል ሄዶ የማያውቅ ስለሌለ ይህ ለሁለቱም የሚታይ ነገር ነው። እሱ አላገኘውም፣ ባቲን ከነ ሰኞ ገበያው አስረከበ።

የተሰጡትን አገሮች ጻፏቸው። ቴሌግራም ላይ `Saved Messages` ውስጥ አንድ መስመር ይበቃል፦ የእሱ ውጫሌ፣ ሐይቅ፤ የእሷ ባቲ፣ መርሳ። ከወር በኋላ «ባለ ባቲዋ፣ ግብሩ ደርሷል ወይ?» የሚል ጠዋት መጻፍ የሚቻለው ይህ ስላለ ነው። አዲስ ነገር መፈልሰፍ ሳያስፈልግ ቀልዱ ከትናንቱ ይቀጥላል። መሰልቸትን የሚከላከለው ይህ ከትናንት የሚሳብ ክር ነው። ሁሌ አዲስ ለመሆን የሚጥር ሰው በሦስት ሳምንት ባዶ ይሆናል።

ሳምንቱን ማከፋፈል

እንቆቅልሽ በየቀኑ ከተላከ እሱም እንደ «ደህና አደርሽ» ይሆናል። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል። በሌሎቹ ቀናት ምን ይላካል? አንድ ሳምንት ላሳያችሁ።

ሰኞ የጉሙ እንቆቅልሽ ተላከ፣ ማታ ተዘጋ። ማክሰኞ ጭራው ብቻ ነው፦ «ሐይቅ ገብቻለሁ። ሕዝቡ ሰላም ነው፣ አንቺን ግን እየጠየቀ አስቸግሮኛል።» አዲስ ጥያቄ የለም፣ መልስም አይጠይቅም። ረቡዕ የአዳር ማግስት ናት፣ ምንም አልተላከም። ሐሙስ ከሱቁ በር ያየውን ነገራት፦ «ሱቅ ስከፍት ፍየል ቀድማኝ በረንዳው ላይ ተኝታለች። ደንበኛ ናት ብዬ ዝም አልኳት።» እንዲህ ያለች አንዲት የታየች ነገር ከአሥር የተዋበ ቃል ትበልጣለች። እሷ ኮምቦልቻ ሳትሆን በረንዳውን ታየዋለች፣ ከሰዓትም «ፍየሏ ገዛች?» ብላ ትጠይቃለች።

ዓርብ ዝም ተባለ። ቅዳሜ ድምፅ ላከላት፦ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ከዚያ «እናንተ ጋስ?» የሚል አንድ ቃል፣ ሁሉ ነገር ከ15 ሰከንድ አይበልጥም። ድምፅ ሲሆን አስቡበት። ሰው መሃል ሆና መክፈት ላትችል ትችላለች፣ ከከፈተችም አጠገቧ ያለው ይሰማል። ረጅም ድምፅ ጠዋት ላይ ፈጽሞ አትላኩ። እሁድም ምንም የለም።

ስትቆጥሩት በሰባቱ ቀን የተላከው አራት ጊዜ ነው። ሦስቱ ዝምታዎች የልማዱ አካል ናቸው። በየቀኑ በተመሳሳይ ደቂቃ የሚመጣ መልእክት አንድ ቀን ሲቀር «ምን ሆነ?» ያስብላል፣ ሰውም ላኪውን በሥጋት መጠበቅ ይጀምራል። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ክፍተት ካለው ግን መቅረቱ ችግር አይሆንም፣ መምጣቱ ደስ ይላል። ስለቀረው ቀን ይቅርታ አትጠይቁ፣ ማብራሪያም አትስጡ። «ትናንት ስላልጻፍኩ ይቅርታ» ማለት በየቀኑ ልጽፍ ግዴታ ነበረብኝ ማለት ነው፤ ግዴታው ደግሞ ወደ እሷም ይሻገራል።

ቀልድ የሚቆምበት ጠዋት

ቴሌግራም መልእክት አስቀድሞ ማቀናበር ያስችላል። የመላኪያውን ምልክት ጫን አድርጋችሁ ስትይዙ `Schedule Message` ይመጣል፣ ሰዓት ትመርጣላችሁ። ሱቅ በማለዳ ለሚከፍት ሰው ይመቻል። ግን ከአንድ ሌሊት በላይ አታቀናብሩ። የሳምንቱን በአንድ ቁጭታ ጽፎ መደርደር ሥራ ያቀላል፣ አደጋም አለው።

አደጋው ለቅሶ ነው። እኛ ጋ መርዶ የሚነገረው ብዙ ጊዜ በማለዳ ነው። ጎረቤቷ አርፈው ግቢው በእሪታ ሲናወጥ፣ ትናንት ማታ የተቀናበረ «አንገቷ ረጅም፣ ሆዷ ጥቁር» ስልኳ ላይ ብቅ ቢል አስቡት። እሷ አትቆጣም ይሆናል። ግን ልቧ ውስጥ አንድ ነገር ይቀራል፦ ይህ ሰው እኔን እያሰበ አልጻፈም፣ ስልኩ ነው የጻፈው። ስለዚህ ያቀናበራችሁ ከሆነ ጠዋት ስትነሱ ከመላኩ በፊት አንድ ጊዜ ዞር በሉ። አገር ሰላም መሆኑን እዩ፣ ዜና ካለ አጥፉት።

ለቅሶ መኖሩን ከሰማችሁ ጨዋታው ይቆማል። እንደ ቤተሰቡ እምነት «ነፍስ ይማር» ወይም «አላህ ይዘንላቸው» በሉ፣ «አብሽሪ» ጨምሩ፣ ከዚያ ዝም። አጽናናለሁ ብላችሁ በየሰዓቱ አትጻፉ፣ ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ሰልስቱ ሳያልፍ እንቆቅልሽ አይመለስ። መቼ እንደሚመለስ ደግሞ ከእሷ ታውቃላችሁ። አንድ ቀን ራሷ «ባቲን ማን እየጠበቀልኝ ነው?» ብላ ትጽፋለች። እስከዚያ ታገሡ።

የሕመም፣ የፈተና፣ የሥራ ጭንቀት ጠዋትም እንደዚሁ ነው። እንቆቅልሽ ማሰብ ይጠይቃል፣ ጭንቅላቷ በሌላ ነገር የተያዘ ሰው ላይ አትጫኑ። «ዛሬ ፈተና አለሽ አይደል? በርቺ» ይበቃል።

መልስ ሲጠፋ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሕጉ ቀላል ነው፦ ያልተመለሰ መልእክት ላይ ሌላ አይደረብም። ሰኞ የተላከው ካልተመለሰ ማክሰኞ አይላክም። ሁለት ቀን ቆይታችሁ አንድ ቀላል፣ መልስ የማይጠይቅ ነገር ላኩ፣ እንደ ፍየሏ ዓይነት። እሱም ካልተመለሰ አቁሙ። ሦስተኛ የለም።

ቴሌግራም ላይ አንድ ምልክት መልእክቱ መሄዱን፣ ሁለት ምልክት መነበቡን ያሳያል። ተነብቦ አለመመለሱን አይታችሁ «አይተሽው ዝም አልሽ» እንዳትሉ። መቼ ገብታ መቼ እንደወጣችም አትከታተሉ። አንድ ሰው ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ስልኩን ቢከፍት ያ የራሱ ጉዳይ ነው። ይህን የምትከታተሉ ከሆነ በጽሑፋችሁ ይታወቃል። ቃላቱ ቢደበቁ እንኳ ቅሬታው በመካከል ይወጣል።

ፍላጎቷ እየቀነሰ መሆኑ የሚታወቀው በአንድ ቀን ዝምታ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ የዋለች ሰው መመለሱ ሊረሳት ይችላል። ምልክቱ የመልሶቹ መልክ ነው። መልሶቹ ወደ «እሺ»፣ «አመሰግናለሁ»፣ «ሃሃ» ከወረዱና ለሁለት ሳምንት ያህል እንደዚያው ከቀጠሉ፣ አገር ስትሰጥ ሳትመርጥ የምትወረውር ከሆነ፣ ራሷ አንድም ጊዜ ካልጀመረች፣ በቃኝ በሚል መንገድ እየነገረቻችሁ ነው። በእኛ አገር ሰው «አትጻፍልኝ» ብሎ ፊት ለፊት መናገር ይከብደዋል፣ ይሉኝታ አለ። ይሉኝታዋን እንደ ፍላጎት አትቁጠሩት።

እንዲህ ከሆነ በአንድ ንጹሕ መልእክት ውጡ፦ «ጠዋት ጠዋት እንዳላበዛሁብሽ ብዬ ትንሽ ላርፍ ነው። ባቲ የአንቺ ናት፣ ስትፈልጊ ጻፊልኝ።» ይህ ኩርፊያ የለውም። በሩም አልተዘጋም። ከጻፈች ጥሩ፣ ካልጻፈች መልሱ ታውቋል። ከዚያ በኋላ በዓል ሲመጣ «እንኳን አደረሰሽ» ማለት ነውር የለውም፣ በዚያ ሰበብ ጨዋታውን እንደገና መቀስቀስ ግን ልክ አይደለም።

በተቃራኒው ነገሩ እየሰመረ መሆኑ የሚታወቀው ስትከራከር ነው። «ይህማ ልክ አይደለም፣ ጉም አይተፋም፣ ይበተናል!» ብላ ስትሟገት፣ አገር ስትሰጥ «መርሳን ከነ ብርቱካኑ አልሰጥም» ብላ ስትሰስት፣ ለእናቷ ነግራ «እማዬ ጀበና ነው አለች» ስትል። ይህ ሲሆን መጠኑን አትጨምሩ። ጥሩ እየሄደ ነው ብሎ ከአራት ወደ ሰባት ማሳደግ ብዙ ጥሩ ጅምር አበላሽቷል። የሚያድግ ካለ ከስልኩ ውጭ ይደግ፦ አንድ ቅዳሜ ሐይቅ ሄዶ የተሸለመውን አሳ አብሮ መብላት ይቻላል።

እሷ የቀደመች ዕለት

አንድ ቀን ጠዋት ስትነሱ መልእክቷ ቀድሞ ይጠብቃችኋል። የራሳችሁን ደግሞ ማታ አዘጋጅታችሁ አሳድራችኋል እንበል። ያን ቀን የእናንተን አትላኩ። የእሷን መልሱ፣ መልሱን ፈልጉ፣ ከጠፋችሁ ተሸነፉና አገር ስጡ። ሆን ብላችሁ ግን አትሸነፉላት፣ ይታወቃል። ያሳደራችሁትን `Saved Messages` ውስጥ አስቀምጡት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ጉሙ እንደገና ሲወርድ ይደርሳል።